የተረፈ ቡና ኬክ ውስጥ አይግባ

በረመዳን ከሾርባውና ከሳምቡሳው ቀጥሎ በየቤታችን የሚታሰበው ከተራዊህ መልስ ለቡና ቁርስ የሚቀርበው ጣፋጭ ነገር ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ልጆች ይጠብቃሉ። በብዙ ቤት ታዲያ ቡናው ከኬኩ ጎን በሲኒ መቅረቡ ብቻ ሳይበቃ ኬኩ ውስጥም መግባት ጀምሯል። ሐሳቡ መልካም ነው። ቡና ከስኳር፣ ከእንቁላልና ከቅቤ ጋር ሲስማማ የሚሰጠውን ጣዕም ቀምሶ የሚጠላ ሰው ጥቂት ነው። አገባቡ ላይ ግን ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። እኛም ተሳስተን ስለተማርን ነው ይህን የምንጽፈው።

ባለፈው ረመዳን ዘመዶቻችንን ለኢፍጣር ጠርተን ነበር። ከዐስር ሰላት በኋላ ኬኩን ማዘጋጀት ስንጀምር ከማታው የተረፈው በረካ በጀበናው ውስጥ መኖሩ ትዝ አለን። "ከሚደፋ ኬኩ ውስጥ ይግባ" ተባባልን። ቀጭን ስለሆነብን በብረት ድስት ገልብጠን ግማሽ እስኪሆን ድረስ አፈላነው። ጠቆረ፣ ወፈረም፤ "አሁን ጠንካራ ሆነ" አልን። ወተቱን ሙሉ በሙሉ ትተን በምትኩ እሱን ጨመርን። ኬኩ ሲጋገር የቤቱ ሽታ ለጾመኛ የሚከብድ ነበር። ማታ ግን እንግዶቻችን አንድ አንድ ጉርሻ ቀምሰው ሳህኑን በይሉኝታ ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ምንም ያልሸሸጉት አያታችን ብቻ ነበሩ። "ልጆቼ፣ ቡናው ምን በደላችሁና ነው ሁለት ጊዜ ያሰቃያችሁት?" አሉን።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ትክክለኛውን ስህተት የነገሩን እሳቸው ናቸው። ቡናውን ጠንካራ ያደረግነው መስሎን መራራ ነበር ያደረግነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንል የምንወደውም ይህንኑ ነው፦ ለኬክ የሚሆን ጠንካራ ቡና የሚገኘው ዱቄቱን አብዝቶ፣ ውሃውን አሳንሶና ጊዜውን አሳጥሮ እንጂ እሳቱን በማርዘም አይደለም። የሚገባውም ትንሽ ነው። በጾም ወቅት ደግሞ ሊጡን እየቀመሱ ማስተካከል ስለማይቻል በምላሳችን ፈንታ ልኩን አስቀድመን ማወቅ አለብን።

የምሬቱ ምክንያት በጀበናችን የሚታይ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ ከአንድ ዱቄት ነው የሚወጡት። ውሃ ከቡና ዱቄት ጋር ሲገናኝ ቀድመው የሚወጡት ጥሩው ሽታ፣ ቀለል ያለው ኮምጣጣነትና ጣፋጭነት የሚመስለው ጣዕም ናቸው። መራራውና እንጨት እንጨት የሚለው ጣዕም የሚወጣው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ አቦል ላይ ሁሉም ተስማምተው ይቀዳሉ። በረካ ላይ ግን ከዱቄቱ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ነው። በስኒ ሲጠጣ ቀጭን ስለሆነና ስኳር ስለሚገባበት አይታወቅም፤ ከሰው ጋር ለመጫወትም ይበቃል። ለኬክ ግን ያን ቀጭን ነገር በእሳት ስናወፍረው ሽታው በእንፋሎት እየበረረ ይሄዳል፣ መራራው ግን ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ቤታችንን የሞላው ያ ሽታ ኬኩ ውስጥ መቅረት የነበረበት ነው።

አቆላሉም የራሱ ድርሻ አለው። በሽኝትና በአቀባበል ላይ ብዙ ሰው ቡናውን እስኪጠቁርና ዘይቱ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ይቆላል። ቡና በጠቆረ ቁጥር የተፈጥሮ ጣዕሙ እየጠፋ የከሰል ምሬት እየገነነ ይሄዳል። ምላስ ላይ ቆይቶ የማይለቀው ምሬት ከዚያ የሚመጣ ነው። ለኬክ የሚሻለው ፍሬው ሁሉ እኩል ቡናማ ሲሆን፣ መንጣጣት ከጀመረ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ ዘይት ፊቱ ላይ ሳይወጣ የወረደው ነው። በጾም ሰዓትም ቢሆን ይህን ለመለየት መቅመስ አያስፈልግም። የተወቀጠውን ዱቄት ማሽተት ይበቃል። የተቆላ ገብስ ወይም ለውዝ የሚሸት ከሆነ ጥሩ ነው። አመድ ወይም የተቃጠለ ጎማ የሚሸት ከሆነ ግን ምንም ያህል ስኳር ቢጨመርበት ኬኩን አያድነውም።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። በ24 ሴንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያ ለሚወጣና 12 ቁራሽ ለሚሆን ኬክ እኛ የምንጠቀመው 25 ግራም የቡና ዱቄት ነው። ሚዛን ለሌለው ቤት ይህ በግምት 5 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ይሆናል። ውሃው 120 ሚሊ ሊትር ነው፤ ማለትም 8 የሾርባ ማንኪያ። ውሃው ከፈላ በኋላ ከእሳት ይወርድና ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከዚያ በዱቄቱ ላይ ይፈስሳል፣ አንዴ ይማሰላል፣ ይከደናል። ከ4 ደቂቃ በኋላ በንጹሕ ሻሽ ወይም በወረቀት ማጥለያ ይጠለላል። ሻሹን አጥብቆ መጭመቅ አያስፈልግም፤ የሚጨመቀው አተላና ምሬት ነው። የቡና ዱቄት የክብደቱን እጥፍ ያህል ውሃ ይዞ ስለሚያስቀር ከ120ው የሚወጣው ወደ 70 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ለኬኩ 60ው፣ ማለትም 4 የሾርባ ማንኪያ ይወሰዳል። በሲኒ መለካት የለመደ ሰው ይጠንቀቅ፤ ሲኒ ከሲኒ ይለያያል፣ ማንኪያ ግን ያን ያህል አያሳስትም።

ይህን ቡና ማፍላት የሚመቸው በጾም ሰዓት ሳይሆን ከኢፍጣር በኋላ ነው። ማታ አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ በተከደነ ብርጭቆ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሮ በማግስቱ ከሰዓት መጠቀም ይቻላል። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማታ ስለሆነ መቅመስ ይቻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ከዚህ ቡና በሁለት የሾርባ ማንኪያ ጣፋጭ ወተት ቀላቅሎ መቅመስ ነው። የቡናው ጣዕም ከመጣና ወተቱ ከተዋጠ በኋላ ምላስ ላይ ምሬት ካልቀረ ቡናው ለኬክ ይሆናል። ምሬቱ ከቀረ በወተት ጠጥቶ ሌላ ማፍላት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ቡናው ሲገባ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ትኩስ ቡና የተመታውን ቅቤ ያቀልጠዋል፣ እንቁላሉንም ሊያበስለው ይችላል። ያን ጊዜ ኬኩ ሳይነፋ ይቀራል።

ኬኩ ራሱ እንዲህ ነው። 150 ግራም የገበታ ቅቤ ከ200 ግራም ስኳር ጋር ነጣ ብሎ እስኪነፋ ይመታል። 4 እንቁላል አንድ በአንድ ይገባል። 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው አብረው ይነፋሉ። 60 ሚሊ ሊትር ቡናና 60 ሚሊ ሊትር ወተት በአንድ ዕቃ ይቀላቀላሉ። ከዚያ ዱቄቱና ፈሳሹ በየተራ ጥቂት በጥቂት እየተጨመሩ ሊጡ ይዋሃዳል፤ በዱቄት ተጀምሮ በዱቄት ይጨረሳል። እዚህ ላይ መረሳት የሌለበት ቡናው የወተቱን ቦታ የሚወስድ እንጂ በላዩ የሚደረብ አለመሆኑ ነው። ኬኩ የሚችለው ፈሳሽ 120 ሚሊ ሊትር ነው። ወተቱን እንዳለ ትቶ ቡናውን በላዩ የሚጨምር ሰው ከቡና ጣዕም በፊት መሐሉ የሰመጠና የሚያጣብቅ ኬክ ያገኛል።

ለምን ግማሽ በግማሽ እንደሆነ በራሳችን ቤት ሞክረነዋል። ከዚያ ኢፍጣር በኋላ በተከታታይ ሦስት ሳምንት ያንኑ ኬክ ጋገርን፤ የቀየርነው የቡናውን ልክ ብቻ ነው። መጀመሪያ 30 ሚሊ ሊትር ቡናና 90 ሚሊ ሊትር ወተት አደረግን። ኬኩ ጥሩ ነበር፣ ግን ቡና መኖሩን ካልነገርናቸው ማንም አላወቀውም። ቀጥሎ ወተቱን ትተን ሙሉ 120 ሚሊ ሊትር ቡና ጨመርን። ለዚያ ቡናውን በእጥፍ ማፍላት ነበረብን። ሽታው ደስ የሚል ሆኖ ከተዋጠ በኋላ ግን ጉሮሮ ላይ የሚቀር ምሬት ነበረው፤ ልጆቹም ሳይጨርሱት ተነሡ። በ60ው ሁሉም ደግመው ወሰዱ፣ አያታችንም ዝም ብለው በሉ። የእሳቸው ዝምታ ለእኛ ምስክር ወረቀት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ወተቱ ዝም ብሎ መሙያ አለመሆኑን ነው። የወተት ፕሮቲንና ስብ መራራውን ይይዙታል፣ ስቡ ደግሞ የቡናውን ሽታ ተሸክሞ ምላስ ላይ ያቆየዋል። ይህ ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በቦረና፣ በጉጂና በአርሲ ኦሮሞዎች ዘንድ ቡና በቅቤ የሚዘጋጅበት "ቡና ቀላ" የቆየ ባህል ነው። ቡናና ቅቤ እንደሚስማሙ ኬክ ጋጋሪ ከመምጣቱ በፊት ይታወቅ ነበር። ጨውም እንዲሁ ነው። ቆንጥር የምታክል ጨው ምሬትን ከስኳር ይልቅ ታለዝባለች። ስለዚህ ኬኩ መራራ እንዳይሆን የፈራ ሰው ስኳር ከማብዛቱ በፊት ጨዉን እንዳልረሳ ይመልከት። ስኳር ሲበዛ ኬኩ ጣፋጭና መራራ ይሆናል እንጂ ምሬቱ አይጠፋም።

አንድ ወጥመድ በመጋገሪያው ውስጥ ይጠብቃል። ነጭ ኬክ ሲጋገር ፊቱ ወርቃማ ሲሆን እናወጣዋለን። የቡና ኬክ ግን ከመጀመሪያውም ቡናማ ስለሆነ በቀለም መብሰሉን መለየት አይቻልም። "ገና ነው" እያልን ስንጠብቅ ዳሩና ሥሩ ያርራል፤ ያ የራሱን ምሬት ያመጣና ጥፋቱ ለቡናው ይሰጠዋል። በ175 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጋገር 30ኛው ደቂቃ ላይ መሐሉን በስቴኪኒ ወጋ አድርጎ ማየት ነው። እርጥብ ሊጥ ይዞ ከወጣ በየ5 ደቂቃው መድገም፣ ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ ይዞ ከወጣ ማውጣት። አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ኦቨኖች ስለሚለያዩ ግን ከሰዓቱ ይልቅ ስቴኪኒው ይታመን።

በየቤቱ የሚወደደው ክሬም ካራሜል ደግሞ ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካራሜሉ የተቃጠለ ስኳር በመሆኑ የራሱ ምሬት አለው። በዚያ ላይ ጠንካራ ቡና ሲጨመር ሁለት ምሬት ይገናኛል። እኛ እዚህ ላይ የተፈላ ቡና አንጠቀምም። ለግማሽ ሊትር ወተት 20 ግራም የተቆላ ቡና በሙቀጫ ሰባበር ብቻ እናደርገዋለን፣ አናደቀውም። ወተቱ ሊፈላ ሲል ከእሳት አውርደን ፍሬውን እንጨምርበትና ከድነን 15 ደቂቃ እናቆየዋለን። ከዚያ አጥልለን ከ4 እንቁላልና ከስኳሩ ጋር እንደተለመደው እንሠራዋለን። ወተቱ የሚወስደው በብዛት ሽታውን ነው። ካራሜሉንም ማር ሲመስል እናቆመዋለን፤ ጥቁር ሻይ እስኪመስል ከቆየ ቡናውን ይሸፍነዋል።

ከውጭ የመጡ የጣፋጭ አሠራሮችን የምትከተሉ ቤተሰቦችም አንድ ነገር ልብ በሉ። ቲራሚሱንና መሰሎቹን በሚመለከት አንዳንድ አዘገጃጀት ከቡናው ጋር አልኮል ይጨምራል። "የቡና ሊኬር" ተብሎ የሚጻፈው አልኮል ነው። እሱን መተው ጣፋጩን አያጎድለውም። በምትኩ ከላይ የገለጽነው ጠንካራ ቡና ጥቂት ስኳር ተበጥብጦበት ብስኩቱ ብቅ ጥልቅ ይደረግበታል። ብስኩቱ ቡናው ውስጥ ከቆየ ይፈርሳል፣ ምሬቱም ይበዛል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ጣዕም ነው። በረመዳን ግን ሌላም ነገር አለ። ኬኩ የሚበላው ማታ ነው፣ ሱሑርም ቅርብ ነው፣ ልጆችም ጠዋት ትምህርት ቤት አላቸው። ቡና ሲጋገር ካፌይኑ አይጠፋም፤ የኬኩ መሐል የሚደርስበት ሙቀት አያጠፋውም። የሀገራችን ቡና አረቢካ ሲሆን በክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን አለው። ስለዚህ 25 ግራም ዱቄት ውስጥ ያለው ሁሉ ቢወጣ እንኳ ወደ 300 ሚሊ ግራም ነው። ለ12 ቁራሽ ሲካፈል በአንዱ ከ25 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ለልጆች በቀን በአንድ ኪሎ ክብደታቸው እስከ 3 ሚሊ ግራም አያሳስብም ብሏል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 60 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ቁራሽ አያስፈራም። ሁለትና ሦስት ቁራሽ ከሻይና ከኮላ ጋር ሲሆን ግን ልጁ ለምን እንዳልተኛ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። በእኛ ቤት ትንንሾቹ ቁራሻቸውን የሚያገኙት ከመግሪብ በኋላ እንጂ ከተራዊህ መልስ አይደለም። ቡናውን በእጥፍ አድርገን የጋገርነው ኬክ ደግሞ በካፌይንም እጥፍ እንደነበር ኋላ ነው ያሰብነው።

ይህን ሁሉ ስንል አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። "የተረፈውን ደፍታችሁ ለኬክ ብላችሁ አዲስ ቡና ማፍላት በረመዳን ብክነት አይደለም ወይ?" የሚሉን እናቶች አሉ። ብክነትን መፍራት ተገቢ ነው፤ ቡናም ርካሽ አይደለም። እኛ ግን ሒሳቡን በሌላ በኩል እናየዋለን። የተረፈውን በረካ ለማዳን ብለን 4 እንቁላል፣ ቅቤ፣ ስኳርና ዱቄት ማንም የማይበላው ኬክ አድርገናል። ያ ነው ብክነት። ከዚህም በላይ ለኬኩ የተፈላው ዱቄት ለአጭር ጊዜ ብቻ ውሃ ስለነካው ሁሉ ነገሩ አላለቀም። ወደ ጀበናው ገብቶ ውሃ ሲጨመርበት ለዚያው ማታ ቶና ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ለኬኩ፣ ሁለተኛው ለሲኒው።

ዘንድሮም ያንኑ ዘመዶቻችንን ለኢፍጣር ጠርተናል። ቡናው ማታ ይፈላል፣ በተከደነ ብርጭቆ ያድራል፣ ከዐስር በኋላ 4 ማንኪያው ተለክቶ ይገባል። አያታችን ስለ ኬኩ ምንም ካላሉ ተሳክቶልናል ማለት ነው። ረመዳን ከሪም።